ዐሥራ ሦስተኛው ካርታ

በአማርኛ «ሞት» የሚለው ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነገር ለመቍጠር የተነሣ ሰው ቢኖር፥ ከቍርስ በፊት ይደክመዋል። ነጋዴው የዕቃውን ዋጋ ሲናገር «እኔ ልሙት፥ የገዛሁበት ነው» ይላል። የቤት እመቤት ለእንግዳዋ አንዲት ጉርሻ ስትጨምር «ስሞት፥ ይችን ብቻ» ትላለች። ገዢ የጠፋ እንደ ሆነ «ገበያው ሞቷል» ይባላል። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን፥ አማርኛ ገና በመማር ላይ የነበሩ አንድ የውጭ አገር መምህር ነበሩ። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ የጓደኛውን መጽሐፍ አለመውሰዱን ለማስረዳት «እናቴ ትሙት!» ብሎ ቢምል፥ መምህሩ የልጁ እናት በጽኑ የታመመች መስሏቸው ደነገጡና ወደ ቤቱ ሰደዱት። ልጁም ፈቃዱን በደስታ ተቀብሎ ሄደ።

አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን እንግዲህ ይህን ልብ ትሉ ዘንድ እንወዳለን። ይህ አንድ ቃል ሦስት ሥራ ይሠራል፤ አንዳንድ ጊዜ መሐላ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ልመና ነው፤ አንዳንድ ጊዜም አንድ ነገር ማብቃቱን ያመለክታል። በእነዚህ በሦስቱም ስፍራ ሬሳም መቃብርም የለም። ነገር ግን ይህንኑ ቃል ቀኑን ሙሉ ያለ ፍርሃት የሚናገር ሰው፥ ቃሉ ተጽፎ ከነሥዕሉ በፊቱ ሲቀመጥ ጕልበቱ ይከዳዋል። ይህን በጁባ ከተማ በዓይናችን አይተናልና እንደሚከተለው እንተርካለን።

በጁባ፥ በኮንዮ ኮንዮ ገበያ አቅራቢያ አንዲት የአገራችን ሴት ምግብ ቤት አላት። እኛም በሥራ ምክንያት በዚያ ከተማ በሰነበትንበት ጊዜ ምሳችንን ከእርሷ ዘንድ እንበላ ነበር። ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ካወጀችበት ከ2011 ጥቂት ቀደም ብላ የመጣች፥ የ2013ን እና የ2016ን የተኵስ ቀኖች በዚያው ያሳለፈች ብርቱ ሴት ናት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ስለዚህ አንድ ማክሰኞ ቀን ሽሮውን ስታቀርብልን እጇ ሲንቀጠቀጥ ባየን ጊዜ ተገረምን።

ምን እንደ ሆነች ብንጠይቃት ነገሩን ገለጠችልን። ባለፈው እሑድ፥ ካርታ በማንበብ ወደ ታወቁ አንዲት ባልቴት ዘንድ ሄዳ «የምግብ ቤቴ ነገር ምን ይሆናል?» ብላ ጠየቀች። ባልቴቲቱም ታሮት ከሚባለው ካርታ ሦስት አስወጥተው በተራ ይገልጡላት ጀመር። ሁለተኛው ሲገለጥ፥ ጥቍር ጥሩር የለበሰ አጽም በነጭ ፈረስ ተቀምጦ አየች። ከሥሩም በእንግሊዝኛ «ሞት» የሚል ተጽፎበታል። ሴትዮዋ ሦስተኛውን ሳትጠብቅ፥ ነጠላዋንም ከወንበሩ ላይ ጥላ፥ ሮጣ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ማታ ማታ በማንጎው ዛፍ ላይ ጉጉት ይጮኻል፤ ከዚያ በፊት ይጩኽ አይጩኽ ግን አታስታውስም። በጎንደር የሚኖሩ አሮጊት እናት አሏት፤ ሳል ከያዛቸው ሰንብቷል። ከእሑድ ጀምሮ ከቤተ ሰቧ ስልክ ይደወላል፤ እርሷ ግን አላነሣችም። «ካላነሣሁት መርዶ የለም» አለችን።

እኛ በካርታም ሆነ በሲኒ ዕጣን መመልከት ነውር ነው ተብለን ያደግን ነን። ስለዚህ «ይህ እኮ የተቀባ ወረቀት ነው፤ እርሺው» አልናት። እርሷ ግን «ወረቀት መሆኑንማ ዐውቃለሁ፤ መርዶም በወረቀት ይመጣል» ብላ መለሰችልን። ምክራችን ምንም እንዳልጠቀመ ይህ ንግግሯ አስረዳን። ፍርሃት የያዘውን ሰው ፍርሃትህ ከንቱ ነው ብሎ ማሳፈር፥ ፍርሃቱን ደብቆ እንዲይዝ ያደርገዋል እንጂ አያስለቅቀውም። በመጨረሻም ነጠላዋን ለማምጣት ብቻዋን መሄድ እንደ ፈራች ነግራን እንድናጅባት ለመነችን፤ አብረናት ሄድን።

ባልቴቲቱ በስድሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ፥ ከአስመራ ወደ ካርቱም፥ ከካርቱምም ወደ ጁባ የተሻገሩ ሴት ናቸው። ሦስቱን ካርታዎች እንደ ነበሩ በጠረጴዛው ላይ በግምባራቸው ደፍተው፥ ነጠላውን በላያቸው አልብሰው ጠበቁን። የካርታውን ትርጕም ለመናገር አልቸኰሉም፤ አስቀድመው ውኃ አቀረቡ፤ ከዚያ በኋላ፥

«ልጄ፥ ማን ይሞታል ብለሽ ነው የፈራሽው?» ሲሉ ጠየቋት።

«እናቴ።»

«ስለ እናትሽ ጠይቀሽኝ ነበር?»

«አይደለም፥ እትዬ፤ ስለ ምግብ ቤቱ ነበር።»

«እንግዲያውስ ካርታው የሚለው ነገር ካለ ስለ ምግብ ቤቱ ነው። እናትሽን አያውቃቸውም፤ ሳላቸውንም አልሰማም። እናትሽን ወደዚህ ጠረጴዛ ያመጣቸው ፍርሃትሽ ነው እንጂ ወረቀቱ አይደለም።»

ሴትዮዋም ወደ ፊት ዘንበል ብላ «ስሞት፥ እትዬ፤ እናቴ አትሞትም በሉኝ» አለች።

እኛ በዚህ ጊዜ ባልቴቲቱ «አይሞቱም፥ አይዞሽ» የሚሉ መስሎን ነበር። እርሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህን አልልሽም። ይሞታሉ ብልሽ ውሸት ነው፤ አይሞቱም ብልሽም ውሸት ነው። ያለ ቀጠሮ የሚመጣውን ነገር እኔ በምን ዐውቄ ቀጠሮ እሰጣለሁ? ዛሬ አይሞቱም ብዬ ብሸኝሽ፥ ነገ ደግሞ ጉጉቱ ሲጮኽ ተመልሰሽ ትመጫለሽ፤ ከዚያም በየሳምንቱ የእናትሽን ዕድሜ ከእኔ ትገዢያለሽ» አሏት።

ነገሩ ሁሉ በዚህ ንግግር ላይ የቆመ ይመስለናል። ብዙ ካርታ አንባቢዎች ይህ ሥዕል በወጣ ጊዜ «ይህ ካርታ ሞት ማለት ፈጽሞ አይደለም፤ ለውጥ ብቻ ነው» ይላሉ። ንግግሩ ያጽናናል፤ ነገር ግን የሰው ሞት በካርታ የሚታወቅና በዚህ ጊዜ ብቻ የቀረ ያስመስለዋል። ከዚህም በላይ፥ በዚያ ወር ውስጥ ከቤተ ሰቡ አንድ ሰው የሞተበት እንደ ሆነ፥ ባለጉዳዩ ተታለልሁ ይላል፤ ከዚያም የባሰ፥ ካርታው ዐውቆ ነበር ይላል። ትክክለኛው መልስ ግን ካርታው ስለ ማንም ሥጋ መሞትና መዳን አይናገርም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ያቀርባል፤ እርሱም «ምን አብቅቷል?» የሚል ነው።

ሴትዮዋ ግን ገና አልረጋችም ነበር። ስለዚህ ባልቴቲቱ ወደ ቍጥር ተመለሱ፤ ነጋዴ ቍጥር ይገባዋልና። «ይህ ካርታ ሰባ ስምንት ነው። ለአንድ ሰው ሦስት አወጣለሁ። ሰባ ስምንትን ለሦስት ብትካፍዪው ስንት ይደርሳል?» ሴትዮዋ ሳትዘገይ «ሃያ ስድስት» አለች። «እንግዲህ ከሃያ ስድስት ሰው ለአንዱ ይህ አጽም ይወጣለታል ማለት ነው። በሳምንት ስድስት ያህል ሰው ይመጣልኛል፤ በዓመት ከሦስት መቶ ይበልጣል። ስለዚህ አጽሙ በዓመት ዐሥራ ሁለት ጊዜ ያህል በዚህ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ይህ ካርታ ሰው የሚገድል ቢሆን ኖሮ፥ በአምስት ዓመት ውስጥ ስድሳ ደንበኞቼን ቀብሬ ነበር። ከዚህ ሰፈር ማን ይቀበለኝ ነበር?» ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ከዚህ በኋላ «አሁን አንቺው ገልጪው» አሏት። ሁለት ጊዜ እጇን ዘርግታ መለሰች፤ በሦስተኛው ገለጠችው። ባልቴቲቱም አጽሙን ትተው፥ ከፈረሱ እግር ሥር ያሉትን አራት ሰዎች አንድ በአንድ አሳዩአት። የመጀመሪያው ንጉሥ ነው፤ ዘውዱ ወልቆ በጀርባው ወድቋል። ሁለተኛው የወርቅ ልብስ የለበሰ ጳጳስ ነው፤ በፈረሱ ፊት ቆሞ እጆቹን አጋጥሟል። ሦስተኛይቱ ልጃገረድ ናት፤ ተንበርክካ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራለች። አራተኛው ሕፃን ነው፤ ፈረሰኛውን ቀና ብሎ ያየዋል። ፈረሰኛው በያዘው ጥቍር ሰንደቅ ላይ ነጭ ጽጌረዳ ተሥሏል። ከኋላም ወንዝ ይፈሳል፤ መርከብ ይሄድበታል፤ በስተ ቀኝም ከሁለት ግንቦች መካከል ፀሐይ ትታያለች።

«አንድ ነገር ሲያበቃ ሰው ከእነዚህ ከአራቱ አንዱን ይሆናል» አሉ ባልቴቲቱ። «አንዱ አልለቅም ብሎ ታግሎ ይወድቃል፤ አንዱ ቆሞ ይማጸናል፤ አንዲቱ አላይም ትላለች፤ አንዱ ያየዋል። አንቺ የትኛዋ ነሽ?»

ሴትዮዋ ዝም አለች። ቈይታም ጣቷን በልጃገረዲቱ ላይ አኖረች። «ስልኩን ያላነሣሁት እኔ ነኝ» አለች።

ባልቴቲቱ በዚህ ጊዜ ሦስተኛውን ካርታ ለመግለጥ አልተጣደፉም። «ካርታው ይቈየን፤ አሁን ወጥተሽ ወደ እናትሽ ደውዪ። የሰው ወሬ ከሰው ይጠየቃል» ብለው ወደ ግቢው ሰደዷት።

እርሷ ከማንጎው ሥር ቆማ ስትደውል፥ እኛ የዚህን ሥዕል አመጣጥ ጠየቅን። የነገሩንም በመጻሕፍት ካነበብነው ጋር ይስማማል። ታሮት በ15ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ኢጣልያ ሲጀመር የመኳንንት መጫወቻ ነበር፤ ዕጣ መመልከቻ አልነበረም። ሞት ከአሸናፊ ሥዕሎች እንደ አንዱ ሆኖ የተሣለው በዚያን ጊዜ ነው፤ ተጫዋቹም ይህ ካርታ ሲደርሰው ደስ ይለው ነበር እንጂ አይፈራም ነበር። ካርታው የወደፊቱን ይናገራል የሚለው ነገር በሰፊው የተጻፈው በፈረንሳይ አገር ከ1781 ወዲህ ነው። ዛሬ በብዛት የሚታየውን፥ ባለ ፈረሰኛውን ሥዕል የሣሉት ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የተባሉ ሴት ናቸው፤ አሳቡን የሰጧቸው አርተር ኤድዋርድ ዌይት ሲሆኑ፥ በ1909 በለንደን ታተመ።

ባልቴቲቱ አንድ ነገር ሳይደብቁ ነገሩን። ዌይት በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ ለዚህ ካርታ ከተሰጡት ትርጕሞች መካከል መጨረሻና ጥፋት ብቻ ሳይሆኑ ሟችነትም ይገኛል። «ለውጥ» የሚለው ትርጕም ጎልቶ የወጣው ከዚያ በኋላ የመጡ አንባቢዎች ባለጉዳዮቻቸውን እያዩ ባረሙት ልማድ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ያነበበ ሰው ቢፈራ ሞኝ አይደለም። የጥንቶቹ የፈረንሳይ ካርታ ሠሪዎች ራሳቸው በሌሎቹ ሥዕሎች ሥር ስም ሲጽፉ፥ በዐሥራ ሦስተኛው ሥር ግን ብዙዎቹ ስም አልጻፉም፤ ቍጥሩን ብቻ አስቀምጠው አልፈውታል። ፍርሃቱ እንግዲህ የዛሬ አይደለም።

«ታዲያ በምን ታስረዳላችሁ?» ብንላቸው «በመነኵሴ» አሉን። ነገሩን ሴትዮዋ ተመልሳ ስትመጣ ለእርሷም ደገሙላት። በአገራችን ሥርዐት አንድ ሰው ሲመነኵስ በቁሙ ሳለ ጸሎተ ፍትሐት ይደረስለታል። ለሬሳ የሚደረገው ጸሎት ለሕያው ሰው ይደረጋል ማለት ነው። ከዚያም ይነሣል፤ አዲስ ስም ይሰጠዋል፤ ቆብ ይደፋል፤ እንደ ገና ይበላል፥ ይሠራል፥ ያረጃል። ሞተ የተባለው የዓለም ኑሮው ነው። «ይህን በቤተ ክርስቲያን ስታዪ አልሮጥሽም፤ በወረቀት ስታዪው ግን ነጠላሽን ጥለሽ ሮጥሽ። ደግሞስ ዛሬ ጧት ለደንበኞችሽ ስንት ጊዜ ‹እኔ ልሙት› ብለሻል?» አሏት። «ኧረ እኔስ አልቈጥረውም» አለች።

የእናቷ ነገር እንዲህ ነበር። ስልኩን ያነሡት እናቲቱ ራሳቸው ናቸው። ሳሉ አልለቀቃቸውም፤ ነገር ግን ይደውሉ የነበሩት የእኅቷ ልጅ ፈተና ማለፉን ለመንገር ነበር። ሴትዮዋም ፊቷ በርቶ «ካርታው ውሸት ነው ማለት ነው!» አለች። ባልቴቲቱ ግን ይህንንም አልተቀበሉም። «ደህና ናቸው ማለታቸው ስልኩ የነገረሽ ነው። ካርታው ስለ እርሳቸው ምንም አላለም ነበርና እውነትም ውሸትም አይሆንም። ሳሉን ሐኪም ይየው ብለሽ ለእኅትሽ ንገሪ፤ እኔ ስለ ሕመም ጥያቄ ካርታ አላወጣም» አሉ። ይህ ወሰናቸው መሆኑን በኋላ ተረዳን። ትኵሳት ይዞት የሚመጣውን ሰው ካርታ ሳያወጡለት ወደ ደም ምርመራ ይሰዱታል። መኖር ሰለቸኝ የሚል ሰው የመጣ እንደ ሆነም ካርታውን ከጠረጴዛው ላይ ያነሣሉ፤ ብቻውን ሳይተዉት፥ ወደ ዘመዱና ወደ ሐኪም የሚያደርሰው ሰው ይፈልጉለታል።

ከዚያ ወዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ፥ ወደ ምግብ ቤቱ ተመለሱ። የመጀመሪያው ካርታ ሦስት የወርቅ ክቦች ያሉበት ነበር፤ በእርሱ ላይ አንድ ጠራቢ በቤተ ክርስቲያን ቅስት ሥር ሲሠራ፥ ሁለት ሰዎች ቆመው ያነጋግሩታል። በአንድነት የተሠራ ሥራ ማለት ነው። ሁለተኛው አጽሙ ነው። ሦስተኛው ሲገለጥ፥ ስምንት ጽዋዎችን ደርድሮ ትቶ፥ በጨረቃ ብርሃን በትሩን ይዞ ወደ ተራራ የሚሄድ ሰው ታየበት። ሴትዮዋ እንደ ገና ደነገጠች፤ ከዚህ ዓለም መሄዷ መሰላት። ባልቴቲቱም አልተቈጡም፤ «በአንድነት የተሠራው ምን ነበር? ትቶስ የሄደ ማነው?» ብለው ብቻ ጠየቁ።

ሴትዮዋ ነጠላዋን ከጉልበቷ ላይ አጣጥፋ፥ ለእኛ ነግራን የማታውቀውን ተናገረች። ምግብ ቤቱን የከፈተችው ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ነበር። ጓደኛዋ ግን ከስምንት ወር በፊት ወደ ካምፓላ ሄዳ በዚያ ሌላ ሥራ ጀምራለች፤ እመለሳለሁም አላለችም። ይሁን እንጂ የሁለቱም ስም በበሩ ላይ እንደ ተጻፈ ነው። በየወሩ መጨረሻ የትርፉ እኩሌታ ይላክላታል፤ የቤቱን ኪራይና የከሰሉን ዕዳ የምትከፍለው ግን አንዲቱ ብቻ ናት። ከዚህ የተነሣ ከሦስት ወር ወዲህ ኪራዩ መጓደል ጀምሯል። «ምግብ ቤቱ ምን ይሆናል?» ብላ የጠየቀችው ስለዚህ ነበር። ለጓደኛዋ «ማኅበራችን አብቅቷል» ብላ መጻፍ ግን አልቻለችም፤ በተኵሱ ቀን በአንድ አልጋ ሥር የተደበቁ ሴቶች ናቸውና።

«እንግዲህ የሞተውን አገኘነው» አሉ ባልቴቲቱ በቀስታ። «ማኅበሩ ከሞተ ስምንት ወሩ ነው፤ አንቺ ግን አልቀበርሽውም። ያልተቀበረ ነገር ደግሞ ቤት ያሸታል። ጓደኛሽ ጓደኛሽ ናት፤ እርሷ አልሞተችም። ሒሳቡን ግን ዝጊ።»

ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልጨመሩም። ምግብ ቤቱን ዝጊ፥ ወይም ወደ አገርሽ ግቢ አላሉም፤ ሦስተኛው ሥዕል የሚሄድ ሰው ቢሆንም፥ የሚሄደው ማን እንደ ሆነ የምታውቀው ባለቤቲቱ ናት ይላሉ። ይህ መቈጠብ ከጥበባቸው የሚበልጠው ክፍል ነው ብንል አልተሳሳትንም። ፍርሃት የያዘው ሰው የሰጡትን ሁሉ ይቀበላልና፥ በዚያች ሰዓት የተነገረው ምክር ትእዛዝ ይሆንበታል።

በዚህ ምክንያት ከሌላ ዓይነት አንባቢ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አስመሳዩ በቀላሉ ይታወቃል። አጽሙ ሲወጣ ፊቱን ያጠቍራል፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ «በቤትህ ጥላ አያለሁ» ይላል፤ ቀጥሎም ጥላውን የሚያነሣበትን ዋጋ ይናገራል። ዋጋው አንድ ጊዜ ተከፍሎ አያበቃም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ጥላው ተመልሶ ይገኛል። ባልቴቲቱ ግን ከዚያች ሴት የወሰዱት የእሑዱን ክፍያ ብቻ ነው፤ ለማክሰኞው አልተቀበሉም። «ፍርሃቷ ከእኔ ጠረጴዛ ተነሥቶ ነው የሄደው፤ መመለሱ የእኔ ዕዳ ነው» አሉን። ያስደነገጣትም ካርታው ብቻ ሳይሆን አገላለጣቸው መሆኑን አልካዱም፤ አስቀድመው «አስፈሪ ሥዕሎች አሉበት፤ ሲወጡ እናያቸዋለን» ብለው ቢነግሯት ኖሮ አትሮጥም ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ ለሚመጣ ሁሉ ይህን ሳይናገሩ ካርታ እንደማይበውዙ ነገሩን።

እኛ እንግዲህ ከዚያ ቤት ስንወጣ ካርታ የወደፊቱን ያውቃል ብለን አልወጣንም፤ ዛሬም አንልም። የአጽሙ ሥዕል በዚያች እሑድ የወጣው ከሃያ ስድስት አንድ በሆነ ዕድል ነው። ማኅበሩ ማብቃቱንም ካርታው አልነገራትም፤ በሆዷ ይዛው የቈየችውን እርሷው ተናገረችው። ነገር ግን አንድ ሰው ከሚፈራው ነገር ፊቱን አዙሮ ሲቀመጥ፥ የሚፈራውና የሚያዝንበት ነገር ተደባልቀው አንድ ይሆኑበታል። ሴትዮዋ ያዘነችው ስለ ማኅበሩ ነበር፤ የፈራችው ግን ስለ እናቷ ነበር። የባልቴቲቱ ሥራ ሁለቱን መለየት ሆነ፤ የእናቷን ነገር ለስልክና ለሐኪም ሰጡ፤ የማኅበሩን ነገር ለባለቤቲቱ መለሱ።

ጁባን ከመልቀቃችን በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ምሳ ለመብላት ሄድን። ከበሩ በላይ ያለው ጽሕፈት በአዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ስሙ አንድ ብቻ ሆኗል። ወደ ካምፓላ ደብዳቤ ጽፋ እንደ ነበር፥ መልሱም ጥቂት ልቅሶና ብዙ ምርቃት እንደ ነበረበት ነገረችን። ኪራዩ ገና አልሞላም፤ ስለዚህ አንዱን ክፍል ለልብስ ሰፊ ልታከራይ አስባለች። ማታ ማታ ጉጉቱ ይጮኽ እንደ ሆነ ብንጠይቃት «ይጮኻል፤ እኔም እተኛለሁ» አለች።

ሒሳባችንን ልንከፍል ስንነሣም በጎን ካለው ጠረጴዛ አንድ ደንበኛ ስለ ሥጋው ዋጋ ይከራከራት ጀመር። እርሷም እጇን በደረቷ ላይ አድርጋ «እኔ ልሙት፥ የገዛሁበት ነው!» አለች። ወዲያው ወደ እኛ ዘወር ብላ አየችን፤ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፤ ዋጋውን ግን አልቀነሰችም።